ሠላሳ ገጽ ስለ አነጋገራችን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በርበሬ በራሱ ወፍጮ ፈጭቶ፣ አሽጎ በሚሸጥ የገበሬዎች ዩኒየን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኜ ስቀጠር፣ አማርኛ በመጻፍ የሚበልጠኝ ሰው በምዕራብ ጎጃም ያለ አይመስለኝም ነበር። ይህን የማምነው ግን እኔው ብቻ ነበርኩ።

በዩኒየኑ ስም የምንጽፈው አራት ነን። መግለጫውን እኔ፣ ቴሌግራሙን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች ባልደረባችን፣ የሬዲዮ ማስታወቂያውን ከቅኔ ቤት የመጡ መሪጌታ፣ ቡሬ ባለው ሱቃችን በር ላይ የሚለጠፈውን ደግሞ የሱቁ ኃላፊ።

አንድ ክረምት እርጥበት የነካው በርበሬ ተሸጠና ገዢዎች እንዲመልሱ መንገር ግድ ሆነ። ልጅቷ «ቤተሰብ፣ ዛሬስ ሸወድናችሁ!» ብላ የሳቅ ምልክት ደረደረችበት። የመሪጌታ ማስታወቂያ ከማማሩ የተነሳ መመለስ እንዳለበት የገባው ሰው አልነበረም። የሱቁ ኃላፊ «ያልመለሰ ለሚደርስበት ተጠያቂው ራሱ ነው» ብሎ ለጠፈ። እኔስ? «በምርት ሂደት የተከሰተውን የጥራት ክፍተት አስመልክቶ» ብዬ ጀምሬ፣ ዓረፍተ ነገሩን ገጹ እስኪያልቅ አልዘጋሁትም።

ቡሬ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ደንበኛ እሽጉን ይዘው እስከ ቢሮአችን መጡ። «እናንተ ሰዎች ስንት ናችሁ?» አሉ። «አንዱ ይስቅብኛል፣ አንዱ ይዝትብኛል፣ አንዱ ይቀኝልኛል። በርበሬውን ልመልስ ወይስ አልመልስ?»

ሥራ አስኪያጃችን ወደ እኔ ዞረው፣ «አራታችሁ እንደ አንድ ሰው የምትናገሩበት መመሪያ አውጣ» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት በሬን ዘጋሁ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ምን ሊነግሩኝ? ሠላሳ ገጽ ጽፌ ስወጣ ሽፋኑ ላይ «የድምፅ መመሪያ» ይላል። የንብረት ክፍሉ ሰው አይቶት፣ «ድምፅ ማጉያው ተገዛ እንዴ?» አለኝ። አላዋቂነቱ አሳዘነኝ። «አነጋገራችን ሞቅ ያለ፣ የታመነ፣ ዘመናዊ፣ ሆኖም ሥር ያለው ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሳልጨርስ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ።

ሦስቱን ሰብስቤ መመሪያውን አደልኩና፣ «ሱቃችን ቅዳሜ ዝግ ነው» የሚለውን በዚያው መሠረት እንዲጽፉ አዘዝኩ። ልጅቷ ቀለደች። የሱቁ ኃላፊ ዛተ። መሪጌታ በግእዝ ጀመሩ። ልቆጣ ስል ሦስቱም መመሪያዬን ገልጠው የፈቀድኩላቸውን መስመር አሳዩኝ።

«ልጄ፣» አሉ መሪጌታ፣ «ሞቅ ያለ ማለት ለእርሷ ሳቅ ነው፣ ለእኔ ጠላ ነው። ሥር ያለው ስትለን ደግሞ ከግእዝ የጠለቀ ሥር ከወዴት ይምጣ?»

መልስ ፍለጋ ሠላሳውን ገጽ አገላበጥኩ። ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ እንዴት እንደምንሆን ከሚነግሩን፣ ጥሩውን ጽሑፍ ቢያሳዩን አይሻልም?» አለች።

የቆዩ ጽሑፎቻችንን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ደንበኛ የገባውንና ያልገባውን ለየን። ከዚያ ክርክር ተነሣ። መሪጌታ ደንበኛ ሁሉ «እርስዎ» ይባል አሉ፤ ልጅቷ ቴሌግራም ላይ ይከብዳል አለች። በመጨረሻ ለአንድ ሰው ስንጽፍ «እርስዎ»፣ ለብዙዎች ስንጽፍ «እናንተ» እንድንል ተስማማን። «ምርት» ቀርቶ «በርበሬ» ሆነ። ስንሳሳት መጀመሪያ የሆነውን፣ ቀጥሎ ገዢው ማድረግ ያለበትን፣ ከዚያ ይቅርታውን እንጽፋለን። ቀልድ ለበዓል ይፈቀዳል፣ ለቅሬታ ግን አይፈቀድም። ከእያንዳንዱ ደንብ ሥር «እንዲህ ሳይሆን፣ እንዲህ» የሚል ምሳሌ አኖርን። ሁሉም ሁለት ገጽ ሆነ። ሠላሳውን የት እንዳደረግሁት አትጠይቁኝ።

ለመፈተን አራታችንም ስለ ወፍጮው እድሳት አንድ አንድ ማስታወቂያ ጻፍን። ስማችንን ሳናሰፍር በአንድ ዓይነት ፊደል አሳትመን፣ ቡሬ ወርደን ለእኒያው የምግብ ቤት ባለቤት አሳየናቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው አራቱንም አነበቡ።

«እነዚህ ሦስቱ የአንድ ሰው ናቸው» አሉ። አራተኛውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ «ይሄኛው ግን ከቀበሌ የመጣ ነው።»

የሱቁ ኃላፊ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ማስታወቂያዬን ተቀብዬ አየሁት። «እድሳቱን አስመልክቶ» ይላል። እጄ መቼ እንደጻፈው እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት በልጅቷ እጅ ያልፋል። ሰኞ ዕለት ለአንድ ደንበኛ የጻፍኩትን ደብዳቤ መለሰችልኝ። ከላይ በእርሳስ «ጋሼ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ሰውየው ምን ያድርግ?» ብላበታለች። ሁለቴ አነበብኩት። እውነትም ምን እንዲያደርግ እንደፈለግሁ አልጻፍኩም ነበር። ወንበሬን ስቤ እንደገና ጀመርኩ።