ቀይዋ እናት

የፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል መስኮት ነበረው፤ ባለቤቱ፣ የወጣቷ አጎት፣ ግን በጥቁር ጨርቅ ጋርደውታል። የፀሐይ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ካረፈ የቀለም ዳኝነት ይዛባልና ምክንያታቸው ትክክል ነበር፤ ግድግዳውም ለዚሁ ሲባል ግራጫ ተቀብቷል። ያረጁ ፎቶዎችን ቀለም የምታድሰው ወጣቷ ግን ምክንያቱ የማይነቀፍ እስር ከሁሉ እንደሚከብድ እዚያው ተቀምጣ ተምራለች።

አሁን መውጫው ገርበብ ብሏል። የከተማው መዛግብት ቤት ለፊልም ክፍሉ ሠራተኛ አድርጎ ተቀብሏታል፤ አጎቷም "የሐኪሙን ሳጥን ጨርሺና መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ" ብለዋታል።

ጡረተኛው ሐኪም ያመጧቸው ስላይዶች፣ ትናንሽ ባለቀለም የፎቶ ፊልሞች፣ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ተዘግተው ቀልተዋል። ፊልሙ ላይ ከተደራረቡት ሦስት ቀለሞች ቀይ ብርሃንን የሚያግደው ውኃ ሰማያዊው ቀድሞ ስለከሰመ፣ ሰውም ሰማይም ቀይ ለብሶ ቀርቷል። ሐኪሙን በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር የሚያሳየውን ስላይድ ስካን ካደረገች በኋላ የምስሉን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ንብርብር ኮምፒውተሩ ላይ ለየብቻ ከፈተች። ቀዩ ውስጥ ጨለማ የሚባል ነገር የለም፤ ጥላው ሁሉ ፈዟል። ጥቁር ከየት እንደሚጀምር የሚወስነውን ነጥብ ጥላው እስከሚጀምርበት ድረስ ሳበችው። ሌሎቹንም የአባትየው ጫማ ጥቁር፣ ሸሚዙ ነጭ እስኪሆን አስተካከለች። ሕፃን የታቀፈችው እናትም ከዚያ ቀይ ጭጋግ ውስጥ ጠይም ሆና ብቅ አለች።

ሐኪሙ መጥተው ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?"

"እናትዎ ናቸው፣ ዶክተር።"

"እናቴማ ቀይ ናት!" በሕፃንነታቸው ስለሞተችባቸው የሚያውቋት በዚህች ስላይድ ብቻ ነው። "ስንቱን ሰው 'እናቴ ቀይ ነበረች' ስል ኖሬ፣ አሁን የት ወሰድሽብኝ?"

አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "እናታቸውን ቀይ አድርጊያቸውና ይሂዱ፣ የኔ ልጅ። ምን ቸገረሽ?"

ብታቀላቸው ሥራው በዚያች ቅጽበት ያልቅ ነበር። እጇ ግን አልታዘዘላትም።

"ላቀላቸው እችላለሁ፤ ግን ሸሚዙም አብሮ ይቀላል፣ የእርስዎም እጅ" አለችና በእናትየዋ ጉንጭ ላይ ያረፈችውን የሕፃን እጅ አጉልታ አሳየቻቸው። እጅና ጉንጭ አንድ ዓይነት ጠይም ነበሩ። ሐኪሙ የተጨማደደ እጃቸውን ስክሪኑ አጠገብ አድርገው ከሕፃኑ እጅ ጋር አስተያዩት።

"አባቴም እናቴም ቀይ ናቸው እያልኩ፣ ሚስቴ 'ታዲያ አንተ በማን ወጣህ?' እያለች ስትስቅብኝ ኖራለች" አሉ። "ለካ በእሷ ነው!"

እየሳቁም እያለቀሱም ወጡ። አጎቷ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

"የወንድሞቻቸውን ስላይድና ኔጋቲቭ በሙሉ ሊያመጡ ነው! 'በእሷ እጅ ካልሆነ አይሆንም' አሉ።"

"ጋሼ፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር።"

"ገብቻለሁ። የሐኪሙን ሳጥን ጨርሺ አልኩ እንጂ ሳጥኑ አንድ ነው መች አልኩ? ደግሞስ አንቺን የሚያህል ከየት ይመጣል?"

ከእሳቸው አፍ ይህን ለመስማት ስንት ጊዜ ጓጉታለች! አሁን ሲመጣ በር እንደሚዘጋ ቁልፍ ሆኖ ላይዋ ላይ ተሽከረከረ። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል ግን "ኔጋቲቮቹን በጣት እንዳይነኳቸው ይንገሯቸው" የሚል ነበር።