ያልወጣሁት ዳገትና የውስንነት አምድ

የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ ማትሪክስ የሚባለውን የጽሑፎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ በስልክ ሲያስረዳኝ ሻይ አፍዪ ያለኝ ነበር የሚመስለው። «አንድ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር። በየመስመሩ ጸሐፊዎቹ ምን አሉ፣ በምን ዘዴ ደረሱበት፣ ናሙናቸው እነማን ናቸው፣ ውስንነቱ ምንድን ነው። አለቀ። ከዚያ ማትሪክሱን ከላይ ወደ ታች ታነቢዋለሽ፤ ማን ከማን እንደሚስማማ፣ ማን እንደሚለይ ራሱ ያሳይሻል።»

አለቀ ይላል እንዴ! አርባ ምናምን ጽሑፍ ነው። እኔ ደግሞ ጭሮ ከተማ ቀን ሙሉ የማዋልድ፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማር፣ አንዷ እናት አምጣ ሳትጨርስ ሌላዋ በር ላይ የምትደርስብኝ ሰው ነኝ። የጥናቴ ፕሮፖዛል ደግሞ እስከ ዓርብ ካልጸደቀ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው።  

ርዕሴ እናቶች ለምን ቤት ይወልዳሉ የሚል ነው፤ በተለይ የጤና ተቋሙ ርቀት ምን ያህል እንደሚያስቀራቸው። ኮምፒውተሬን ካርድ ክፍል ጥግ ላይ ዘርግቼ በምሳ ሰዓት ኤክሴሉን እሞላለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስልኬ ላይ ያለውን ፒዲኤፍ እያነበብኩ በወረቀት እጽፋለሁ።

አሞላሌ ግን ከመጀመሪያውም የስንፍና ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። አንዱን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ መስመሩን መሙላት ሲገባኝ፣ የሁሉንም አብስትራክት፣ መግቢያው ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ እያየሁ «ምን አሉ» የሚለውን አምድ አስቀድሜ ጨረስኩት። ቀላሉ እሱ ነዋ! ናሙናና ውስንነት ጽሑፉ ሆድ ውስጥ ገብተው ነው የሚፈለጉት። እነሱን «በኋላ» ብዬ ተውኳቸው።

አምዱን ከላይ ወደ ታች ሳነበው ልቤ በደስታ ዘለለ። ሁሉም ማለት ይቻላል ቃላቸው አንድ ነው፤ ርቀት እናቶችን ያስቀራል ይላሉ። አንዱ ብቻ፣ ያውም ከኛው ዞን የተሠራው፣ ርቀት ምንም ልዩነት አላመጣም ይላል። መስመሩን ቀይ ቀባሁት። አማካሪዬ ሲያየው ከኔ ብሶ ተደሰተ። «ይሄው የምርምር ክፍተትሽ! ሌላው ቦታ የሚያስቀራቸው ርቀት እዚህ ለምን አላስቀራቸውም? በዚሁ ሂጂ» አለኝ። እኔም ፕሮፖዛሉን በሙሉ በዚያች ቀይ መስመር ላይ ሠራሁት።

ማክሰኞ ዕለት አማካሪዬ ደወለ። «ናሙናና ውስንነት ባዶ ነው። እንዲህ አድርገሽ እንዳትመጪ። ያልተገለጸ ካለ አልተገለጸም በይ እንጂ ክፍት አትተዪ። ባዶ ሲሆን አላነበብሽውም ይሁን እነሱ አልጻፉትም፣ በምን አውቃለሁ?»

 ረቡዕና ሐሙስ ከተረኛ ጓደኛዬ ጋር ሰዓት ተለዋውጬ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ማትሪክስ ምን እንደሆነ የገባኝ። አብስትራክቱ ላይ «እናቶች» የሚለው ጽሑፍ፣ ዘዴው ጋ ስደርስ ሆስፒታል የመጡትን ብቻ የጠየቀ ሆኖ ይገኛል። ሆስፒታል የመጣችን ሴት ርቀት አስቀረሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ነገር ነው? ሌላው ቤት ለቤት ዞሯል፤ ግን ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። የሆነውን ሁሉ በየሳጥኑ አሰፈርኩ። ጸሐፊዎቹ ያመኑትን ውስንነት በአንድ አምድ፣ እኔ ያየሁባቸውን በሌላ አምድ። ይሄንን መለያየት ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ የነሱን ቃልና የራስን ሐሳብ አንድ ሳጥን ውስጥ መደባለቅ ነውር ነው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ቀይዋ መስመር ደረሰች። ዘዴውን ማንበብ ጀመርኩ። ቤት ለቤት፤ ጥሩ። በየቀበሌው ከመዝገብ ተራ ጠብቆ የወጣ ዝርዝር፤ በጣም ጥሩ። እናቲቱ ቤት ከሌለች ሁለት ጊዜ ተመልሶ መፈለግ፣ ካልተገኘች ያልተገኘች ብሎ መመዝገብ፣ በሌላ ቤት አለመተካት። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። ኦሮምኛ የሚችሉ አዋላጆች መረጃውን ሰበሰቡ ይላል። የወረዳዎቹን ስም አየሁ፤ መሰላና ቦኬ። የሰበሰቡበትን ወር አየሁ።

ወይኔ! መረጃውን ከሰበሰቡት አንዷ እኔ ነኝ እኮ!

ጥናቱ በማን ስም፣ የት እንደታተመ ለኛ ማን ይነግረናል? ቅጽ ሞልተን አስረክበን ወደ ሥራችን ተመልሰን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ረስቼው ነበር። አሁን ግን ያ ቀን እንዳለ መጣብኝ። መሰላ ነበርን። የገበያ ቀን ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝርዝሬ ላይ ከዳገቱ አናት ያሉ ቤቶች ነበሩ። ቀና ብዬ አየሁት፤ መንገዱ በጫት እርሻ መሃል ቀጥ ብሎ ይወጣል። የቡድናችን ሾፌር ከታች የመኪናውን ጡሩምባ እያስጮኸ ነው፤ ቦኬ ሳይመሽ መድረስ አለብን። ከዳገቱ ግርጌ ካለው ዋርካ ሥር ቆሜ ጃንጥላዬን እንደዘረጋሁ ለራሴ «ዛሬ ገበያ ነው፣ ማንም ቤት የለም» አልኩ። ከዚያ ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ቤቶች ገብቼ፣ የወለዱ እናቶችን ጠይቄ፣ ቅጹን በነሱ ሞላሁት። ቁጥሩ ሞላ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ምንም አልመሰለኝም።

አሁን ግን ኤክሴሉ ፊት ተቀምጬ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። የተጠየቁት ሁሉ መንገድ ዳር ያሉ ከሆኑ፣ ርቀት በምን በኩል ልዩነት ያመጣል? ሩቆቹ እኮ አልተጠየቁም! አማካሪዬን ያስደሰተው ክፍተት፣ ፕሮፖዛሌ የቆመበት ክፍተት፣ እግሬ የሰነፈበት ቦታ ነበር።

ያኔ አብራኝ የተሰማራች ጓደኛዬ እዚሁ ክትባት ክፍል ትሠራለች። ማትሪክሱን እንዳልሳሳት አንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻዋ እያነበበች የምታመሳክርልኝ እሷ ነች። ሮጬ ሄድኩ።

«መሰላን ታስታውሺያለሽ?» አልኳት።

«የቱን መሰላ?»

«ዳገቱን። አንቺ ወጥተሽ ነበር?»

የክትባት ሳጥኑን ዘግታ አየችኝ። «ወላሂ አልወጣሁም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማን ወጣና? ሾፌሩ እኮ ጥያችሁ እሄዳለሁ እያለ ነበር።»

ሙሉውን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «አቦ፣ ተይ አንቺ ልጅ! ጽሑፉ ያላለውን ምን አስጨነቀሽ? ውስንነት አምድ ላይ ጸሐፊዎቹ ያሉትን ጻፊ፤ የእናቶች ማስታወስ ችግር ብለዋል፣ እሱን ገልብጪ። ነገ ይጸድቅልሻል፣ በቃ።»

«የኔስ አምድ?»

«ባዶ ይሁን።»

ባዶ! አማካሪዬ ባዶ አትተዪ ያለኝን አስታውሼ ልስቅ ፈለግኩ። የዚያን ቀን ከሰዓት ምን እንደሠራሁ አላውቅም። አንዲት እናት ሳዋልድ ጓንቴን ሁለት ጊዜ ገልብጬ አጠለቅኩ፤ ሴትየዋ ራሷ «አይዞሽ» አለችኝ። እስቲ አሁን አይዞሽ የምትባለው እሷ ናት ወይስ እኔ? ብዋሽ ማንም አያውቅም፤ የሚያውቁት እኔና ጓደኛዬ ብቻ ነን። ብናገር ዓመቱ ይቃጠላል። ይባስ ብሎ የሰው ጥናት አበላሸች የምባለው እኔው ነኝ።

ዓርብ ጠዋት አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን በእጁ ይዞ ከላይ ወደ ታች አነበበ፤ ቀይዋ መስመር ላይ ቆመ። በኔ አምድ ውስጥ «ሩቅ ያሉ ቤቶች መንገድ ዳር ባሉ ቤቶች ተተክተዋል» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ይሄን ከየት አመጣሽው? ጽሑፉ አልተኩም ነው የሚለው።»

«ዶክተር፣ የተካሁት እኔ ነኝ።»

መነጽሩን አወለቀ። እኔም ዋርካውን፣ ጡሩምባውን፣ ዳገቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ። መስመሩን እንደገና አነበበው። 

«ክፍተትሽ ወደቀ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ይሄ አረፍተ ነገር ከጽሑፉ የተወሰደ አይደለም፣ ከአንቺ ነው። የገምጋሚዋ የግል ዕውቀት ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪ። ለጸሐፊዎቹም ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ መስማት ያለባቸው እነሱ ናቸው።» ወረቀቱን መለሰልኝ። «ፕሮፖዛሉን ግን ዛሬ አልፈርምም። ሌላ ጥያቄ ይዘሽ በሚቀጥለው ዓመት ነይ።»

 ከቢሮው እንደወጣሁ ለጸሐፊዎቹ ኢሜይል ጻፍኩላቸው፤ አምስት መስመር ብቻ ነው። «ላክ» የሚለውን የተጫንኩበትን ጣቴን ግን ለረጅም ጊዜ አልረሳሁትም።

ዓመቱ አለፈ። አዲሱ ፕሮፖዛሌ ጸደቀና መረጃ ልሰበስብ መሰላ ሄድኩ። ከታች አልጀመርኩም። መኪናውን ዋርካው ሥር አቁሜ፣ ሾፌሩን «ቢመሽም ትጠብቀኛለህ» ብዬ፣ ዳገቱን ወጣሁ። እየቆምኩ፣ እያለከለክሁ ነው የወጣሁት። አናት ላይ ካለው ቤት በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ከሩቅ ስታየኝ ነበር። «ኮቱ! ኮቱ!» ብላ ነይ አለችኝና ገባሁ። ሆጃ አቀረበችልኝ፤ የቡና ቅጠሉን ከወተት ጋር አፍልታ።

ቅጹን አውጥቼ ጠየቅኋት። ልጆቿን የት ወለደች? ሁሉንም እዚሁ ቤት። የመጨረሻው ልጅ ዕድሜው ስንት ነው? እዚያ አፈር ላይ የሚጫወተውን አሳይታ የተወለደበትን ወር ነገረችኝ። ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ያን ጊዜ፣ እኔ ዋርካው ሥር በቆምኩበት ወር፣ ሴትየዋ አራስ ነበረች።

«ታዲያ ለምን ጤና ጣቢያ አልወረድሽም?» አልኳት፤ ቅጹ ላይ ያለ ጥያቄ ነው።

ሴትየዋ ከጃንጥላዬ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ይቺን ጃንጥላ አውቃታለሁ» አለች። «ያኔ ታች ዋርካው ሥር ቆመሽ ወደ ላይ ስታዪ አይቼሻለሁ። ትመጪያለሽ ብዬ ይሄንኑ አፍልቼ ጠብቄሽ ነበር። አንቺስ ለምን አልወጣሽም?»

 «ርቀት» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁና የቀዘቀዘውን ሆጃ ጠጣሁት።