ተራ ቁጥር ስድስት

ያንን ደብዳቤ እስካሁን አልቀደድኩትም። እኔ ዘንድ ያለው የካርቦን ግልባጩ ነው፤ ዋናው እነሱ ጋ ቀርቷል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ፊደሉም ደብዝዟል። ተራ ቁጥር ስድስት ግን አሁንም ጥርት ብላ ትነበባለች፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እሷ የምትጠፋ አይመስለኝም።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ናዝሬት ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አነሳ ነበር። ካሜራውን ያመጣልኝ መርከበኛ የነበረው የእህቴ ባል ነው። ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ካሴቱን ሆዱ ውስጥ የሚውጥ ከባድ ዕቃ ነበር። በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ካሜራ የያዝን ሰዎች በጣት የምንቆጠር ስለነበርን ትንሽ ተኮፍሼ ነበር። ፎቶ አንሺ ሳለሁ በቃል የምዋዋለው ሰውዬ፣ ቪዲዮ ስይዝ ደብዳቤ ካልጻፍኩ አልዋዋልም አልኩ።

ጥንዶቹ የመጡት በታኅሣሥ ነው። እሱ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ብየዳ ይሠራል፤ እሷ ናዝሬት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሠርጋቸው በጥር መጨረሻ ነበር። ዋጋ ሲጠይቁኝ በአፍ መናገር ስችል፣ «በጽሑፍ አቀርባለሁ» አልኳቸው። በማግስቱ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ታይፒስት ጎረቤቴን ለምኜ አስጻፍኩ። ልማድ ሆኖባት መጨረሻው ላይ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ብላ ዘጋችው። ሙሽራው እሱን ሲያነብ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። ጉዳዩ፦ የሠርግ ቪዲዮ ቀረጻ ዋጋ ማቅረብን ይመለከታል። አንደኛ ደረጃ፦ የሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሙሽራው ቤትና መልስ፣ ሁለት ካሴት፣ አራት መቶ ሃምሳ ብር። ሁለተኛ ደረጃ፦ ያለ መልስ፣ አንድ ካሴት፣ ሦስት መቶ ሃያ ብር። ሦስተኛ ደረጃ፦ እንደ ሁለተኛው ሆኖ የሚገለበጥበትን ባዶ ካሴት ደንበኛው የሚያቀርብ ከሆነ፣ ሁለት መቶ ሃያ ብር። ተራ ቁጥር አራት፦ ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ፣ ግማሹ በርክክብ ጊዜ። ተራ ቁጥር አምስት፦ ርክክብ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ፤ በሦስተኛ ደረጃ ከሆነ ባዶው ካሴት ከቀረበበት ቀን ጀምሮ። ተራ ቁጥር ስድስት፦ የቀረጻው ዋና ካሴት የሚቀመጠው ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ለስድሳ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ይውላል።

ስድሳ ቀን ከየት መጣች ብትሉኝ፣ ከጾሙ ነው የመጣችው። የጥር ሠርግ ካለቀ በኋላ ዓቢይ ጾም ይገባል፣ እስከ ፋሲካ የሚያገባ የለም። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ደግሞ ድንኳን ሰፈሩን ይሞላዋል። በዚያን ጊዜ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ከአሰብ በከባድ መኪና ሾፌሮች እጅ ተደብቆ የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ የጥር ሠርግ ካሴት ለፋሲካው ሠርግ መድረስ ነበረበት። ሒሳቡን በሠራሁ ጊዜ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ሦስተኛውን መረጡ። እሱ የአሰብ መስመር ሾፌር ጓደኛ ስለነበረው ካሴቱን በርካሽ አገኛለሁ ብሎ ነው። ከመፈረሙ በፊት ጣቱን ተራ ቁጥር ስድስት ላይ አድርጎ፣ «ስድሳ ቀን አላነሰችም ወይ ወንድሜ? ሾፌር እኮ በቀጠሮ አይመጣም» አለኝ።

«ለወጉ ነው የተጻፈው» አልኩት። «የእናንተን ማን ይነካዋል?»

ይህንን ነው ያልኩት። ሌላውን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ይህችን ግን ቃል በቃል አስታውሳታለሁ።

ሠርጉ ያማረ ነበር። ከሙሽሪት ቤት ናዝሬት፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወንጂ ከእናቱ ጋር ወደሚኖርበት የሠራተኞች መንደር ሄድን። በሰዓት እላፊው ምክንያት ሁሉም ነገር በጊዜ ማለቅ ስለነበረበት ዘፈኑም ምግቡም ይቻኮላል። ቀኑን ሙሉ እንደተሸከምኩ ዋልኩ። ማምሻውን እንግዳው እየወጣ፣ ሴቶች ሳህን እየሰበሰቡ፣ እኔ ካሴቱ እስኪያልቅ ብዬ ባዶውን ድንኳን አነሳ ነበር። ሙሽራው መጥቶ ካሜራውን በእጁ ከለለብኝ። ያን ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልበላሁ ያስታወሰኝ እሱ ብቻ ነው።

በአርባኛው ቀን ገደማ ሙሽሪት ብቻዋን መጣች። ባሏን ለግዳጅ ጠርተው ወደ ጦር ግንባር ወስደውታል። ሾፌሩም ገና ከአሰብ አልተመለሰም።

«ካሴቱ እንደመጣ ይዤ እመጣለሁ፤ እባክዎ ትንሽ ይታገሡን» አለች።

«አታስቢ» አልኳት። ሁለተኛውን ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።

ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤ መጣ። ለእሑድ ሠርግ ተቀጥሬያለሁ፣ ከአዲስ አበባ ካሴት እልክልሃለሁ ያለኝ ሰው አልላከም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ያሉት ሦስት ካሴቶች ናቸው፣ ሦስቱም የተቀረጹ። ሁለቱ ጾሙ ሊገባ ሲል ከተደረጉ ሠርጎች ስለሆኑ ስድሳ ቀናቸው ከሞላ ገና ሁለት ቀን ነው። የእነሱ ግን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እጄ ላይ ካሴቱን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ልቤ አይሆንም ይለኛል፤ እኔ ግን ልቤን ትቼ ደብዳቤውን አወጣሁና አነበብኩት። የራሴን ጽሑፍ ሕግ አድርጌ በእሱ ተከለልኩ። ሰው ፈሪ ሲሆን ወረቀት ይወዳል፣ እኔም ያን ቀን ወደድኩ።

እሑድ ዕለት በእነሱ ላይ ሌላ ሙሽራና ሌላ ሙሽሪት ቀረጽኩባቸው።

በሰኔ መምህርቷ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ከነፕላስቲኩ ያልተከፈተ አዲስ ካሴትና አራት ላይ የታጠፈ ደብዳቤ በእጇ ይዛለች። ምንም ሳትናገር ገባኝ። ወንበር ሳብኩላት።

«ሾፌሩ ዘግይቶ አመጣልኝ» አለች። «መርዶው ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ፎቶ አለኝ፤ ፎቶ ግን አይናገርም። እናቱ ድምፁን አንዴ አሰሙኝ እያሉ ነው። ዛሬ ቢገለብጡልኝ።»

ውሸት አሰብኩ። ካሜራው አበላሽቶታል ልበላት፣ ሻጋታ በላው ልበላት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ዓይኗን ሳይ አልቻልኩም፤ እንዳለ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ እንድትጮህም ፈለግሁ። እሷ ግን ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተራ ቁጥር ስድስትን በጣቷ ተከትላ አነበበች፤ ልክ ሟቹ እንዳደረገው።

«ተጽፏል» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በጊዜው ባዶ ካሴት ከየትም ብዬ ማምጣት ነበረብኝ።»

ከዚያን ቀን በፊትም በኋላም ሰው እንዲህ አድርጎ መትቶኝ አያውቅም። ቃል ሰጥተውኝ አልነበረም ወይ ብትለኝ በወጣልኝ።

በዚያ ጭንቀት መካከል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካሴቱ ሦስት ሰዓት የሚይዝ ነው፤ የእነሱን ሠርግ እስከ ጫፉ አንስቼዋለሁ፣ የኋለኛው ሠርግ ግን ቀደም ብሎ ነው ያለቀው። የኋለኛው ካልደረሰበት የድሮው አልጠፋም ማለት ነው። ካሴቱን የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ውስጥ ከትቼ ወደ መጨረሻው አጠነጠንኩት። የሰው ሙሽሪት ኬክ ስትቆርስ ታየች፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የወንጂው ድንኳን መጣ። አራት ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ባዶ አግዳሚዎች፣ ሳህን የሚሰበስቡ ሴቶች። መጨረሻው ላይ ቀለበት ያለበት እጅ መጥቶ ምስሉን ይሸፍናል፣ ድምፁ ይሰማል፦ «በቃ አቁመው፣ ካሴት አትጨርስ። ግባና ብላ።»

ፊቱ የለም። ያለው እጁና ያቺ ድምፅ ናት።

«ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩላት። ስንት ጊዜ እንደደገምኩላት አላውቅም። አልቅሳ ስትጨርስ በአዲሱ ካሴት ላይ ገለበጥኩላት። ቦርሳዋን ከፍታ ቀሪውን ክፍያ ስታወጣ አልቀበልም አልኩ።

«በርክክብ ጊዜ ይላል» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ቆመች።

የእናቱ መንደር ውስጥ ዴክ ያለው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዴኬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከእሷ ጋር ወንጂ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ቴሌቪዥኑን ጎረቤቶች ተሸክመው አመጡ። እናቱ በሸንኮራ አገዳው ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ፣ እጃቸው የሻከረ ሴት ናቸው። ስገባ «አካም ጅርታ፣ እንደምን ነህ ልጄ» ብለው እንደ እንግዳ አቀፉኝ። ምን እንዳደረግሁ ምራታቸው እንዳልነገረቻቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም አልነገርኳቸውም።

ካሴቱ ተጫወተ። እጁ መጥቶ ድምፁ ሲሰማ እናቱ በወንበራቸው ወደፊት ተሳቡና ቴሌቪዥኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ምስሉ አለቀ፣ ብልጭልጩ ብቻ ቀረ። ተነስቼ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

«ተወው ልጄ። አሁን ይመጣል።»

ምራታቸውን አየኋት፤ አቀርቅራለች። ከአራት ደቂቃ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ መሆኑን እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ሁለታችንም አልተናገርንም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ካሴቱ በራሱ ጊዜ አልቆ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ ሦስት ሰዓት ገደማ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ብልጭልጩን አየሁ። እሳቸው አንዴም ዓይናቸውን አልነቀሉም።