የፉሳኤ ሃያ ሰከንድ

ፉሳኤ ኩራሞቺን ተመልካች አያውቃትም። በጣቢያችን ሃያ ስድስት ዓመት ሰዓት ስትቆጣጠር አንድ ቀን እንኳ ፊቷ በቴሌቪዥን አልታየም። የሚታየው የእኔ ፊት ነው፤ ዜና አንባቢው እኔ ነኛ። ግን የሚያስጀምረኝም የሚያስቆመኝም ከመቆጣጠሪያው ክፍል በጆሮዬ የሚመጣው የእሷ ድምፅ ነበር። «ሠላሳ ሰከንድ... አስር... በቃ!» በቃ ካለች በቃ ነው። አንዴ የአየር ሁኔታውን አራት ሰከንድ ባስረዝምባት ሳምንቱን ሙሉ «አቶ አራት» እያለች ስትጠራኝ ከረመች።

የምሽቱ ዜናችን አስራ ሁለት ከሩብ ይጀምርና ሩብ ጉዳይ ለአንድ ላይ ያልቃል። አርዕስተ ዜናው ይቀድማል፤ ከዚያ የቀኑ ዋና ዜና፣ ቀጥሎ ከየቦታው የዘጋቢዎች ወሬ፣ ስፖርቱ፣ የአየር ሁኔታው ይመጣል። መዝጊያችን የከተማዋ ምስል ነው፤ ሃያ ሰከንድ በሙዚቃ ብቻ። ይህ ሁሉ በሰከንድ ተሰልቶ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ፉሳኤ ያቺን ወረቀት እንደ ዳዊት ትደግማት ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ያነሳችው እሷ ናት።

«የካፒቴን ኢሶቤ ሚስት ነኝ» አሉ አንዲት አሮጊት። «ባለቤቴ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ከደሴቷ ሰው የምታመላልሰውን መርከብ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የሚያመጣት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ወደብ ቆሜ ተቀብዬዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ዜና ላይ በስንት ሰዓት ነው የምታሳዩት?»

ፉሳኤ ወረቀቷን በጣቷ ተከተለች። «አስራ ሁለት ከአርባ አንድ ላይ፣ እሜቴ። ዘጋቢያችን ናጉሞ ወደቡ ላይ ሆኖ በቀጥታ ያሳይዎታል።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«ሰዓት ሥራዬ ነው።»

አስራ ሁለት ከሃያ ሁለት ላይ ስለ ከተማው በጀት ሳነብ መሬት ተንቀጠቀጠ። የስቱዲዮው መብራቶች ከላይ ተወዛወዙ። «ሰበር ዜና! የያዝከውን ተወው!» አለ በጆሮዬ የዕለቱ አዘጋጅ ሃቶሪ። ዓረፍተ ነገሬን መሃል ላይ ጣልኩት። ሰው ከካሜራው ሥር እየተሳበ ወረቀት ያቀብለኛል፤ እኔ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ያለውን ብቻ አነባለሁ፤ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም። ከሦስት ደቂቃ በኋላ «ሱናሚ አያሰጋም» የሚለው ሲመጣ ነው የተነፈስኩት።

የቀኑ ዝርዝር ግን አፈር በላው። በጀቱም ስፖርቱም ቀረ። ናጉሞ ከወደቡ በቀጥታ ገብቶ «ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ የደሴቷ መርከብ ግን ገና አልደረሰችም» አለና ወጣ። እውነቱን ነው የተናገረው። ነገር ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮም ሰምተውታል።

የተቀዳ ምስል አየር ላይ እያለ ጭቅጭቁ በጆሮዬ ይመጣል።

«ካፒቴኑ ለነገ ይደር» ይላል ሃቶሪ። «ባቡር ቆሟል፤ ስንት ሺህ ሰው መንገድ ላይ ቀርቷል።»

«ለሴትዮዋ ሰዓት ሰጥቻቸዋለሁ።»

«መሬት ተንቀጥቅጧል እኮ ፉሳኤ! አሁን ማን ነው ስለ ሰዓትሽ የሚጨነቀው?»

«ባላቸው ባሕር ላይ ነው። አልደረሰም ብለን ነግረናቸው መድረሱን ሳንነግራቸው ልንዘጋ ነው?»

«ከየት ላምጣልሽ? ለባቡሩ ራሱ አልበቃንም!»

«ሙዚቃዋን ስጠኝ። ሃያ ሰከንዷን።»

ያቺ ሃያ ሰከንድ ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ ሰዓት ሲያልፍብን የምንቆርጥላት መጠባበቂያችን ናት። ማሽኑ በሰዓቱ ቆርጦ ወደ ዋናው ጣቢያ ይሻገራል፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ እኔ አፌን እንደከፈትኩ አገር ሁሉ እያየኝ እቆረጣለሁ። በሥራችን ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

«ከተሳሳትሽስ?» አለ ሃቶሪ።

«ተሳስቼ አውቃለሁ?»

መጀመሪያ ባቡር ጣቢያው አየር ላይ ገባ። ሃቶሪ ልክ ነበር፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ባደረግኩ ነበር። የባቡር ጣቢያው ኃላፊ ግን አንዴ ወሬ ከጀመሩ አይመለሱም። አርባ አንድ ሞላ፤ እሳቸው ገና ስለ ሐዲዱ ናቸው። አርባ ሁለት ላይ «ወደብ!» አለች ፉሳኤ።

መርከቧ ገመዷን ጥላለች። «የደሴቷ መርከብ አሁን ደርሳለች» አለ ናጉሞ። «አስራ ዘጠኙም ተሳፋሪዎች፣ ካፒቴኑም ደህና ናቸው።» ካሜራው ከፍ ሲል ኢሶቤ ኮፍያቸውን አውልቀው ለመርከባቸው ጎንበስ ሲሉ ታዩ። «በቃ፣ ወደ አንተ» አለችኝ ፉሳኤ። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የመሬት መንቀጥቀጡን ዋና ዋና ነጥቦች ደግሜ አንብቤ፣ እጅ ነስቼ ቀና ስል ማሽኑ ቆረጠ። ልክ በሰዓቷ።

ከስቱዲዮ ስወጣ ስልክ ይዛ አገኘኋት። ምስጋና መስሎኝ ተጠጋሁ። የሴትዮዋ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አርባ አንድ ብለሽኝ አልነበር? አርባ ሁለት ሆነ እኮ!» ያለቅሳሉ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ስጠብቀው እንደዚች ደቂቃ የረዘመብኝ የለም።»

መሬት ተንቀጥቅጦ ነው ማለት ትችል ነበር። የባቡሩ ሰውዬ ናቸው ማለትም ትችል ነበር። ፉሳኤ ግን ተነስታ ቆመች፤ ለስልኩ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«እውነትዎን ነው እሜቴ» አለች። «አንድ ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»