የአየነው ሳቅ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዳንግላ ውስጥ ዋጋዬ የምትባል አስተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ በተተከለው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን የግድግዳ ጋዜጣ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ፎቶ አንሺው ደርበው ጥሩ ፎቶ ሲያገኝ ይሰጣታል።

አንድ መስከረም የጋሪ ነጂውን የአየነውን ፎቶ አመጣላት። አየነው እስከ ወገቡ በጭቃ ተለውሶ፣ የፈረሱን ልጓም እንደያዘ ከት ብሎ ይስቃል። ዋጋዬ ከሥሩ «ጭቃ የነካው ጋሪ ነጂ ከፈረሱ ጋር ሆኖ ሲስቅ» ብላ ጻፈችና ለጠፈችው። አላፊ አግዳሚው ፎቶውን አየት አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል፤ ጽሑፉን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም።

ነገሩ ከነከናት። ጽሑፉን በእጇ ሸፍና ፎቶውን ብቻ ተመለከተች። ምንም አልጎደለም። ጭቃውም፣ ፈረሱም፣ ሳቁም ዓይን ላለው ሁሉ ይታያሉ። የማይታየው ሰውየው የሳቀበት ምክንያት ነው፤ እሱን ደግሞ እሷም አታውቀውም።

ስለዚህ ጋሪዎቹ ወደሚቆሙበት ሄደች። አየነው እያፈረ ነገራት። በነሐሴ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ሲመጣ ወንዙ ሞልቶ ጋሪው ማጥ ውስጥ ገባ። ፈረሱን ፈትቶ፣ ጋሪውን አብሯት ከነበረው ከባልዬው ጋር እየገፋ አወጣና ክሊኒክ አደረሳት።

«ደርበው ያነሳኝ ከክሊኒኩ በር ላይ ነው። መንታ ተገላገለች ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ» አላት።

«ስሟ ማን ይባላል?»

«በዚያ ጥድፊያ ማን ስም ይጠይቃል፣ እትዬ?»

ዋጋዬ ክሊኒኩ ሄዳ የሕክምና ረዳቱን ድሬሰር ጠየቀች፤ ነገሩ እውነት ነው። የእናትየዋን ስም ግን ያለ ፈቃዷ ማውጣት አልፈለገችም። የቀድሞውን ጽሑፍ አንስታ እንዲህ ብላ ተካችው፦

«አየነው፣ ባለፈው ነሐሴ፣ ከክሊኒኩ በር። ወንዝ ሞልቶ ሳለ በጋሪው ያመጣት እናት መንታ መገላገሏን የሰማው ገና በዚያች ቅጽበት ነው።»

በገበያው ቀን ሰሌዳው ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል፤ አንዱ ደግሞ ወደ አዊኛ ይተረጉመዋል። ከሚያዳምጡት መካከል እንየው የሚባል ገበሬ ድንገት ሰው እየገፋ ወደ ፊት ወጣ። በዚያ ቀን ሚስቱን ይዞ ክሊኒክ ውስጥ ሲገባ ጋሪ ነጂውን ሳያመሰግነው ቀርቶ፣ ስሙንም ሳያውቅ ሲቆጨው ከርሟል።

«አየነው ነው ለካ ስሙ» አለ፤ የት እንደሚገኝም ዋጋዬን ጠየቃት።

ራሷ ወሰደችው። እንየው ጋሪ ነጂውን እንዳየ አቅፎ ሳመው። ከዚያም ከመንታዎቹ ሴቷ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ቢሆንም የወንዱ አርባ ቀን መቃረቡን ነግሮ፣ የክርስትና አባት እንዲሆነው ለመነው። አየነው የፈረሱን ጋማ ዳበሰ።

«ለሴቷ ሰማንያ ይህን ጭቃ የነካው ነጠላዬን አጥቤ እመጣለሁ» አለ። «ለወንዱማ ነገውኑ አዲስ ገዝቼ ክርስትና አነሳዋለሁ።»