ዋጋ የማይጠየቅበት ሳምንት

የትነበርሽ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ፒያሳ ላይ መነጽር መሥራት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። በዚያ ሰሞን ለጡረተኛ መምህራን ማኅበር ስድሳ የማንበቢያ መነጽር ልትሠራ በአሮጌው ዋጋ ፈርማለች። ሌንሱን የሚልክላት የአዲስ አበባው አቅራቢ ግን የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማውን በኢሜይል ሲሰድ ዋጋው አሥራ አምስት በመቶ ጨምሯል። የሚያገለግለውም እስከ እሑድ ነው። ከግርጌው የአቅራቢው ጸሐፊ ሄለን እንዲህ ብላለች፦ «ቅናሽ የሚፈቅዱት አቶ ሐምዛ እናታቸው ስላረፉባቸው እስከ ማክሰኞ ቢሮ አይገቡም።»

ሌንስ የሚሞርዱላት አያ በላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት።

«ምነው፣ በአንድ ደብዳቤ አትጨርሽውም? ከላይ ማጽናኛውን፣ ከታች ቅናሹን።»

«አያ በላቸው፣ እርስዎ ለቅሶ ቤት ገብተው በግ ይገዛሉ?»

«ሸጋ በግ ከሆነ ዋጋውን መጠየቄ አይቀርም።»

ሳቀች። ጣቷ ግን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ቆመ። ለቅሶ ደራሽ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መቀመጡ ራሱ ቃል ነው። በኢሜይል እንዴት ይቀመጣል? ሁለት መስመር ብቻ ጻፈች፦ «ፈጣሪ እናትዎን በጀነት ያኑራቸው። ለእርስዎም ጽናቱን ይስጥዎ።» ስለ ሌንስ አንዲት ቃል ሳታነሳ ላከችው።

እሑድ አለፈ። ፕሮፎርማውም አብሮ አለፈ። አያ በላቸው «አሁን ደግሞ ጭራሽ ቢጨምርብሽስ?» አሏት። ውሏን ብታፈርስ መምህራኑን ዓይናቸውን ቀና ብላ ማየት አትችልም፤ በዚህ ዋጋ ብትገዛ ደግሞ ኪሳራ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጻፈች፦

«እንኳን ወደ ሥራዎ በሰላም ተመለሱ። ፕሮፎርማው ጊዜው ስላለፈ እንዲታደስልኝ እጠይቃለሁ። ለስድሳ መነጽር በአሮጌው ዋጋ ፈርሜአለሁና አሥራ ሦስት በመቶ ቢቀንሱልኝ ውሌን እጠብቃለሁ። ትእዛዙን በአንድ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ግማሹን ክፍያም አስቀድሜ እልካለሁ። የማይቻል ከሆነ ግን የሚቻለውን ይንገሩኝ፤ ደንበኝነታችን እንደሆነ ያው ነው።»

መልሱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አቶ ሐምዛ ሁልጊዜ «ውድ ደንበኛችን» ብለው ይጀምሩ ነበር፤ ዛሬ «እህቴ የትነበርሽ» ይላል። አሥራ ሦስቱ እንደማይሆን፣ እሳቸውም ሌንሱን በውድ እንዳስገቡት፣ ግማሹ ክፍያ ከቀደመ ግን ዘጠኝ እንደሚቀንሱ ገልጸዋል።

«አሥር በያቸው! ሰውየው ልባቸው ራርቷል» አሉ አያ በላቸው።

«ስለራራ ነው የማልለው።»

ዘጠኙን በምስጋና ተቀብላ፣ ዋጋው እስከ ሰኔ እንዲጸናላት ብቻ ጠየቀች። አቶ ሐምዛም «ይሁን» ብለው መለሱ።

ቁጭ ብላ ስታሰላው ኪሳራ የለውም፤ ትርፉ ግን አንድ ጉንጭ ውኃ ቢያህል ነው። ያሰላችበትን ወረቀት አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ለማኅበሩ ሊቀመንበር ደወለች።

«ጋሼ፣ መነጽሩ በተፈራረምንበት ዋጋ ይደርሳል። ለልክ መምጣት ትችላላችሁ፤ ግን ሁላችሁም ባንድ ቀን አትምጡብኝ፣ ወንበር የለኝም።»