መኪናዬ የሱቄ ጋሻ የሆነችበት ቀን

መካኒሳ አቦ መጋረጃ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሱቄ ፊት በሙሉ መስታወት ነው። ኢንሹራንሱን ላሳድስ ስሄድ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን የኢንሹራንሱ ሠራተኛ፣ «እናቴ፣ አድማና ሁከት የሚያደርሰው ጉዳት ውሉ ውስጥ የለም፤ ከፈለጉ ለብቻው ይጨመራል» አለችኝ።

ቱግ አልኩ። «እሳት የማያስፈራችሁ ሰዎች ድንጋይ ፈራችሁ?»

«እሳት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ሱቅ ነው የሚያቃጥለው» አለች በእርጋታ። «ሁከት ግን በአንድ ቀን ሰፈሩን በሙሉ ይመታል። ሁሉም ካሳ ቢጠይቀን አንችለውም። ስለዚህ የፈለገ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ ይገባበታል።»

ነገሩ ገባኝና ለሱቁ አስጨመርኩ። የመኪናዬ ውል ግን ሌላ ስለሆነ፣ «ሙሉ ኢንሹራንስ አላት፤ ምን ጎደላት» ብዬ ተውኩት።

ከወራት በኋላ አንድ ከሰዓት መንገዱ ላይ ጩኸት ተነሳ፤ ድንጋይ መወርወርም ተጀመረ። ሮጬ መኪናዬን ከመስታወቱ ፊት ገተርኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ጸጥ ሲል ብመለስ የሱቁ መስታወት ጭረት እንኳ የለበትም። መኪናዬ ግን አንድም ደህና መስኮት አልተረፈላትም፤ «ሙሉ» ያልኩት ኢንሹራንሷም ለካ ሁከትን አይጨምርም።

የኢንሹራንሷ ልጅ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እናቴ፣ ያልተሸፈነችውን ለተሸፈነው ጋሻ አደረጓት?» እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

ዘንድሮ ለሁለቱም አስጨመርኩ። ስፈርም፣ «ሁከት ቢነሳ አሁን ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«ሁለቱንም ትቼ እሮጣለሁ» አልኳት። «ያልተሸፈንኩት እኔ ብቻ ነኝ።»